ንጉሡን ለማሳቅ የሚታገለው ሰው

በቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማዎቻችን ውስጥ ሁላችንም የምናውቀው አንድ ሰው አለ። ብዙ ጊዜ ዘበኛ ነው፤ አንዳንዴ ደላላ፣ አንዳንዴ የሚኒባስ ረዳት፣ አንዳንዴም ከገጠር ገና የመጣች የቤት ሠራተኛ። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማቾች በውርስ ሲካሰሱ፣ ቤቱ በሐዘን ሲከብድ ብቅ ይላል። ቃል ያጣምማል፣ በረንዳው ላይ ይደናቀፋል፣ ያስቀናል፣ ይሄዳል። ወዴት እንደሄደ የሚጠይቅ የለም። ስንት ክፍል አብሮን ቆይቶ እናት ትኑረው፣ ዕዳ ይኑርበት፣ ማታ የት እንደሚተኛ አናውቅም። አብዛኛው ሣቅም የሚመጣው ከአነጋገር ዘዬው ነው፤ ይህ ደግሞ በእኔ ፍርድ ከሣቅ ሁሉ ርካሹ ነው፤ ሰውየውን የተወለደበትን አገር ብቻ ያደርገዋልና።

ደራሲው በመጨረሻ ሕሊናው ይወቅሰውና ለዚህ ሰው አንድ የልቅሶ ትዕይንት ይሰጠዋል። ዘበኛው በሩ ሥር ቁጭ ይላል፤ ከበስተጀርባ ዋሽንት ይነፋል፤ ስለሞተው ልጁ ይተርካል። ተመልካቹ ግን አያለቅስም፤ ግራ ይጋባል። ሲስቅበት የከረመው ሰውና አሁን የሚያለቅሰው ሰው አንድ ሰው አይመስሉትም። ሣቁ በአንድ ከረጢት፣ ሐዘኑ በሌላ ከረጢት ተቋጥሮ መጥቷል።

እያሳቀን ልባችንን የሚነካ ገጸ ባሕርይ ግን በዚህ መንገድ አይሠራም። እንዲህ ያለው ሰው የሚቀልደው ሐዘኑን ወደ ጎን ትቶ አይደለም፤ በቀልዱ የሚሠራው ሥራ ስላለው ነው። ይህን በደንብ የሚያሳይ፣ ቁርጥራጩን እያነሳን ልንመረምረው የምንችል አንድ ገጸ ባሕርይ አለ፦ የሼክስፒር የንጉሥ ሊር አጫዋች።

በቅድሚያ ግን ሼክስፒር ራሱ ሌላውንም ዓይነት እንደሚያውቅ እንይ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአማርኛ ባቀረበልን በማክቤዝ ውስጥ፣ ንጉሡ በእንግድነት በተኛበት ቤት ሌሊት ከተገደለ በኋላ በሩ ይንኳኳል። የሰከረ በረኛ እየተነጫነጨ፣ ራሱን የሲኦል በረኛ አድርጎ እየቀለደ ሊከፍት ይወጣል። ትንሽ ያሳቅቃል፣ በሩን ይከፍታል፣ ከዚያ በኋላ አናየውም። ከግድያው በኋላ ተመልካቹ ትንፋሽ ያስፈልገው ነበር፤ በረኛው ሰጠው። ነውር የለበትም። ይህ ሰው ግን ቢቀር የሚጎድለው አንድ ትዕይንት ብቻ ነው። የሊር አጫዋች ቢቀር የሚጎድለው ምን እንደሆነ ወደ መጨረሻው አካባቢ እናያለን፤ በእርግጥም አንድ ጊዜ እንዲቀር ተደርጎ ነበርና።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ያረጀው ንጉሥ ሊር መንግሥቱን ለሦስት ሴት ልጆቹ ለማካፈል ተነሥቶ፣ ማን አብልጣ እንደምትወደው በአደባባይ እንዲናገሩ ያዛቸዋል። ሁለቱ ትልልቆቹ፣ ጎነሪልና ሪገን፣ ማር የተቀባ ንግግር ያደርጋሉ። ትንሿና የምትወደደው ኮርዴሊያ አፏን አታሞጋግስም። ሊር ተቆጥቶ ይክዳታል፤ እሷም የፈረንሳይ ንጉሥን አግብታ ትሄዳለች። ኬንት የሚባል ታማኝ መኮንን ‹‹ስሕተት ነው›› ብሎ ፊት ለፊት ቢናገር ከአገር ይባረራል። ከዚያ ሁለቱ ልጆች አባታቸውን አንድ በአንድ እየገፉ፣ በመጨረሻ በማዕበል ሌሊት ሜዳ ላይ ይጥሉታል።

አጫዋቹ የሚመጣው በአንደኛው ገቢር አራተኛ ትዕይንት ነው። የገጸ ባሕርዩ ቅርፅ ዋና ምሥጢር ግን ከመምጣቱ በፊት ባሉት ጥቂት ንግግሮች ውስጥ ተቀምጧል። ሊር በጎነሪል ቤት ተቀምጦ ‹‹አጫዋቼ የት ሄደ?›› እያለ ደጋግሞ ይጠይቃል። ካላየው ሁለት ቀን ሆኖታል። አንድ ባለሟል ትንሿ እመቤት ወደ ፈረንሳይ ከሄደች ጀምሮ አጫዋቹ በጣም እንደከሳ ይነግረዋል። ሊር ያቋርጠዋል፤ እሱም ልብ ብሎታል፤ ስለዚያ እንዲወራ ግን አይፈልግም። በቃ። ስለ አጫዋቹ ሐዘን በግልጽ የሚነገረን ይህ ብቻ ነው፤ እሱም ከሌላ ሰው አፍ።

ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ከቦታው አንሡና አጫዋቹ ሲገባ ተመልከቱት። ቆቡን እያውለበለበ፣ እየዘፈነ የገባ ተራ ቀልደኛ ይሆናል። ዓረፍተ ነገሩ ካለ ግን ያው ቆብ፣ ያው ዘፈን ሌላ ነገር ነው፤ ከፊታችን የቆመው አንዲት ልጅ ናፍቆት የከሳ፣ ያባረራትንም ሰው ትቶ መሄድ ያቃተው ሰው ነው። ተመልካቹ ቁስሉን አስቀድሞ ስላወቀ እያንዳንዱን ቀልድ በሁለት ጆሮ ይሰማል። እኛ አገር የሚሠራው በግልባጩ ነው፤ ሃያ ክፍል ሙሉ ሣቅ፣ ከዚያ ቁስሉ እንደ ድንገተኛ ዜና። ቁስሉ መጀመሪያ፣ በጥቂት ቃል፣ በሌላ ሰው ንግግር መሃል ሲቀመጥ ከዚያ በኋላ ደራሲው ማስለቀስ አያስፈልገውም። የሊር አጫዋች በተውኔቱ ሁሉ ስለ ራሱ ሐዘን አንድም ንግግር አያደርግም፤ የኮርዴሊያንም ስም አይጠራም።

ቀጥሎ የቀልዶቹን ዒላማ እንይ። አጫዋቹ ስለብዙ ነገር የሚቀልድ ይመስላል፤ ስለ እንቁላል፣ ስለ ቀንድ አውጣ፣ ስለ ወፍ። ነገር ግን ሁሉም ወደ አንድ ጉዳይ ይሄዳሉ፦ ንጉሡ መንግሥቱን በራሱ እጅ ሰጥቶ ባዶ ቀረ። አንድ እንቁላል ቢሰጠው ሁለት ዘውድ እንደሚሰጠው ለሊር ቃል ይገባለታል። እንዴት? እንቁላሉን መሃል ላይ ሰንጥቆ፣ ውስጡን በልቶ፣ ሁለቱን ባዶ ቅርፊት ይሰጠዋል። ይህ ለልጆች የሚነገር እንቆቅልሽ ነው፤ ለሊር ግን ምን እንዳደረገ የሚያሳይ ቁልጭ ያለ ሥዕል ነው። ዘውዱን ለሁለት ከፍሎ ውስጡን ያስበላው እሱ ነውና። ኬንት ይህንኑ ሐቅ በቀጥታ ተናግሮ አገር ለቀቀ። አጫዋቹ በእንቁላል ጠቅልሎ ተናገረው፤ የደረሰበት የአለንጋ ማስፈራሪያ ነው።

በንጉሥ ፊት እየቀለዱ እውነት መናገር ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የአለቃ ገብረ ሃና ቀልዶች ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፉ የኖሩት የሚያስቁ በመሆናቸው ብቻ ሳይሆን በማን ፊት እንደተነገሩ ስለምናውቅም ጭምር ነው። አለቃ ግን የተማሩ ሊቅ፣ በማዕረጋቸው የሚከበሩ ሰው ነበሩ። የሊር አጫዋች ምንም የለውም። ሥራው፣ ምግቡ፣ ማደሪያው በዚያ በወደቀ ሽማግሌ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ቀልድ ዋጋ አለው፤ እኛም ‹‹አሁንስ ተገረፈ›› እያልን እንሰማዋለን። ዋጋ የማያስከፍል ቀልድ ቢያስቅም የተናጋሪውን ልብ አያሳይም።

የተውኔቱ ምርጥ የእጅ ሥራ የምለው የአንደኛው ገቢር የመጨረሻ ትዕይንት ነው። በጣም አጭር ነው፤ ለማሳቂያ ገጸ ባሕርይ ድርሰት የሚጨነቅ ሰው በቃሉ ቢይዘው አይጎዳም። ሊር ከአንደኛዋ ልጁ ተዋርዶ ወጥቶ ወደ ሁለተኛዋ ለመሄድ ፈረሱን ይጠብቃል። አጫዋቹ አጠገቡ ሆኖ ተራ እንቆቅልሽ ያዥጎደጉዳል፦ አፍንጫ ለምን ፊት መሃል ሆነ፣ ቀንድ አውጣ ለምን ቤት ኖራት፣ የሰባቱ ከዋክብት ቁጥር ለምን ከሰባት አልበለጠም። ሊር አንዱን ይመልሳል፣ ሌላውን አይሰማም። በመሃል፣ ከእንቆቅልሹ ጋር ምንም ግንኙነት በሌለው ቦታ፣ ያቺን ልጅ እንደበደላት ለራሱ ይናገራል። ስሟን አይጠራም። አጫዋቹም እንዳልሰማ ሆኖ ወደ ቀጣዩ እንቆቅልሽ ያልፋል።

አጫዋቹ ሰምቷል? በእርግጥ ሰምቷል። የናፈቃት ልጅ ናትና። ያ ንግግር ከንጉሡ አፍ እንዲወጣ ሲጎተጉት ቆይቷል፤ ሲወጣ ግን የሰውየው አእምሮ አብሮ ሲሰነጠቅ አየ። ስለዚህ ቀልዱ በዚያች ቅጽበት ሥራውን ይቀይራል። እስካሁን እውነትን የሚያስገባ መርፌ ነበር፤ አሁን ደም ማቆሚያ ፋሻ ሊሆን ይሞክራል፤ አይበቃም። ወደ ትዕይንቱ መጨረሻ ላይ ሊር እንዳያብድ ፈጣሪን ይለምናል። አዳራሹ በቀንድ አውጣዋ ይስቃል፤ በዚያው ሣቅ ውስጥ አንድ ሰው ሌላውን ሰው ከገደል አፋፍ በእንቆቅልሽ ለመያዝ ሲታገል ያያል። የገጸ ባሕርዩ ክብደት ያለው እዚህ ነው፤ ቀልዱ የማይሠራበት ቅጽበት ላይ። የቀልደኛው መሣሪያ ቀልድ ብቻ ነው፤ መሣሪያው ሲከሽፍ ባዶ እጁን እናየዋለን። ስለዚህ ደራሲ ‹‹ይህን ሰው መቼ ላስለቅሰው?›› ብሎ ከሚጨነቅ ‹‹ቀልዱ በማን ላይ፣ መቼ ይከሽፍበት?›› ቢል ይሻለዋል።

ሼክስፒር ይህ የተመልካች ግምት ሆኖ እንዲቀር አልፈለገም። በሦስተኛው ገቢር መግቢያ ላይ አንድ ባለሟል ንጉሡ በማዕበሉ ውስጥ ከማን ጋር እንዳለ ሲጠየቅ፣ ከአጫዋቹ በቀር ማንም እንደሌለ፣ እሱም የንጉሡን የልብ ቁስል በቀልድ ለማሸነፍ እየለፋ እንደሆነ ይናገራል። የገጸ ባሕርዩ የሥራ ድርሻ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጻፈ ማለት ነው። በማዕበሉ ግን የዚያ ሰው አቅም አልቋል። ስለ ልጆቹ ክፋት ሲያላግጥ የነበረው ራሱ አሁን ንጉሡን ተመልሰው ልጆቹን እንዲለማመጡ ይለምናል፤ ይበርደዋልና። ሊር ደግሞ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ወደ አጫዋቹ ዞሮ በርዶት እንደሆነ ይጠይቀዋል፤ ወደ ጎጆዋም ከራሱ በፊት እንዲገባ ያዘዋል። ዕድሜውን ሙሉ የራሱን ሙገሳ ሲሰማ የኖረ ንጉሥ ስለ ሌላ ሰው ብርድ ሲያስብ እምብዛም አላየነውም ነበር። ለውጡን የሚያሳይበት ሰው ማን ሆነ? የቤቱ ማሳቂያ። የዋናውን ሰው መለወጥ የምንለካበት እሱ ስለሆነ ከታሪኩ ሊነቀል አይችልም።

ከዚያ አጫዋቹ ይጠፋል። የመጨረሻው ትዕይንቱ የሦስተኛው ገቢር ስድስተኛ ነው፤ ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰ የሚነግረን የለም። ተውኔቱ በሁለት የቆዩ ኅትመቶች ደርሶናል፤ አንዱ የ1608፣ ሁለተኛው የ1623 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር)። አጫዋቹ የሚሰናበትባት አጭር ቀልድ ያለችው በሁለተኛው ብቻ ነው፦ ንጉሡ በድካም ተምታቶበት ራቱን ለጠዋት ሲቀጥር፣ እሱ ደግሞ መኝታውን ለቀትር ይቀጥራል። አንድ ቀልድ፣ ከዚያ ዝምታ። ቀልደኛን በሞት ትዕይንት ማሰናበት ቀላል ነው። እንዲህ ሳይታወቅ እንዲጠፋ ማድረግ ግን ይከብዳል፤ ተመልካቹ ‹‹ያ ሰውስ?›› ብሎ መጠየቁን የሚያውቅ ደራሲ ብቻ ይደፍረዋል። አራተኛው ገቢር ላይ ኮርዴሊያ ከፈረንሳይ ስትመለስ አጫዋቹ የለም፤ ሲናፍቃት የነበረው ሰው መመለሷን አያይም። በተውኔቱ ውስጥ ሁለቱ አንድም ጊዜ አብረው መድረክ ላይ አይቆሙም።

እዚህ ላይ ስለ ተዋናዩ አንድ ነገር ልጨምር። የሼክስፒር ቡድን ኮሜዲያን የነበረው ዊል ኬምፕ በሚያስጨፍር ቀልዱ የታወቀ ነበር። እሱ በ1599 ገደማ ከወጣ በኋላ ቦታውን የያዘው ሮበርት አርሚን ዘፋኝና ራሱም ስለ ቀልደኞች መጽሐፍ የጻፈ ሰው ነበር። የሊር አጫዋች ለእሱ የተጻፈ እንደሆነ በሰፊው ይታመናል። በእነዚያው ዓመታት በተጻፈው በሐምሌት ውስጥም ልዑሉ ተዋንያኑን ሲመክር፣ ቀልደኞች ከተጻፈላቸው በላይ እንዳይናገሩ ያሳስባል። የእኛም አዘጋጆች ይህን ችግር ያውቁታል። ተዋናዩ ሣቅ ሲያገኝ ይጨምራል፤ ሲጨምር ቀልዱ ከገጸ ባሕርዩ ይለቅና የራሱ የተዋናዩ ይሆናል። በሊር አጫዋች ቀልድ ላይ ሌላ ቀልድ ብትጨምሩ ንጉሡን የሚወጋው ጫፍ ይደንዛል።

አሁን ወደ ገባሁት ቃል ልመለስ። በ1681 ናሁም ቴት የተባለ ገጣሚ ንጉሥ ሊርን ‹‹አሻሽሎ›› አቀረበ። ኮርዴሊያ አትሞትም፤ ትዳር ትይዛለች፤ ንጉሡም ዘውዱ ይመለስለታል። አጫዋቹንም ሙሉ በሙሉ አወጣው፤ በዘመኑ አስተሳሰብ ሣቅ የሐዘንን ክብር ያቃልላል። የእንግሊዝ መድረክ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ንጉሥ ሊርን ያለ አጫዋች አየ። የሚገርመው ሁለቱ ለውጦች መደጋገፋቸው ነው፦ እውነቱን ለንጉሡ በየደቂቃው የሚያስታውሰው ሰው ሲወጣ፣ ታሪኩ ወደ መልካም ፍጻሜ ለመሄድ የሚከለክለው ነገር አነሰ። አጫዋቹን የመለሰው ተዋናዩ ዊልያም ማክሬዲ ነው፤ በ1838፣ ያውም እያመነታ። ሚናውን የሰጠው ፕሪሲላ ሆርተን ለምትባል ወጣት ሴት ነበር።

እንግዲህ ይህን ወደ ዘበኛችን እናምጣው። አንድ የፈጠራ ምሳሌ ልሥራ። እትዬ ሙሉ የሚባሉ ባለቤታቸው የሞቱባቸው ሴት አሉ። ልጃቸው በሊቢያ በኩል ለመሰደድ ከቤት ከጠፋ ዓመት አልፎታል፤ ድምፁ አልተሰማም። ግቢውን የሚጠብቁት ጋሽ ደምሴ ናቸው። የውጪው በር በተንኳኳ ቁጥር እትዬ ሙሉ ከተቀመጡበት ይነሣሉ፤ ጋሽ ደምሴ ግን ሁልጊዜ ይቀድሟቸውና ማን እንደመጣ ከበሩ ላይ ሆነው ይጮኻሉ።

‹‹የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነው እትዬ! ጨለማ የተቀመጥንበትንም ደምሮ ሊያስከፍለን ነው!››

‹‹ዕድርተኞች ናቸው እትዬ! እስካሁን ለምን እንዳልሞቱ ሊያጣሩ መጥተዋል!››

ተመልካቹ ይስቃል። ቀልዶቹ ግን ሥራ አላቸው፤ እትዬ ሙሉ ‹‹ልጄ ይሆን?›› ብለው ተስፋ እንዳያደርጉ የመጣውን ሰው ቶሎ ያሳውቃሉ። ይህንን ለተመልካቹ ማስረዳት አያስፈልግም። በመጀመሪያው ክፍል ላይ ጎረቤቷ ለሌላ ሰው ቡና እያቀረበች ‹‹ልጁ ከሄደ ወዲህ ጋሽ ደምሴ ቀን እንኳ ከበሩ አይርቁም›› ብትል ይበቃል። ልክ እንደ ሊር ባለሟል፣ በሌላ ወሬ መሃል፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር። ከብዙ ክፍል በኋላ ያን ሌሊት በሩን ለልጁ የከፈቱለት እሳቸው እንደነበሩ ይታወቃል። በዚያን ጊዜ ያለፉት ቀልዶች ሁሉ ትርጉማቸው ይቀየራል፤ የሳቅንባቸው እኛም አብረን እንያዛለን። ጋሽ ደምሴ ግን ዋሽንት ከበስተጀርባ እየተነፋ ኑዛዜ አያደርጉም። ቀልዳቸው የሚከሽፍበት ቀን ይምጣላቸው፤ በሩ ይንኳኳ፣ ሄደው ይክፈቱ፣ ከበሩም ምንም ድምፅ አይሰማ። እትዬ ሙሉ ሳሎን ቆመው ቀልዱን ይጠብቁ። የቀልዱ አለመምጣት ራሱ መርዶ ነው።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ የጋሽ ደምሴ አነጋገር የየት አገር እንደሆነ አንድም ቦታ እንዳላስፈለገን ልብ በሉ።

ድራማ ለምትጽፉ አንድ መፈተኛ ልተውላችሁ። ማሳቂያ ገጸ ባሕርያችሁ የተናገረውን ቀልድ ወስዳችሁ በዚያው ድራማ ውስጥ ላለ ለሌላ ሰው ስጡት፤ ለደላላው፣ ለአጎትየው፣ ለጎረቤቷ። ከእነሱ አፍ ወጥቶ እኩል ካሳቀ፣ ቀልዱ ገና የማንም አይደለም፤ ሰርዛችሁ እንደገና ጻፉት።